አርባ ሴል፣ አራት መስመር፦ የአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት ማመልከቻ ጉዳይ ጥናት

ለትምህርት ክፍል ኃላፊ የሚቀርብ የመመረቂያ ፕሮጀክት ማመልከቻ ሦስት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ወሰን፣ የዕቃ ዝርዝርና የጊዜ ሰሌዳ። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን ለሦስት ይከፋፈሉና በመጨረሻው ሌሊት አንድ ላይ ይለጥፏቸዋል። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲታይ ደህና ነው። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን እርስ በርስ ይጣላሉ። እዚህ የማቀርበው ጉዳይም የተበላሸው በዚሁ ነው።

ጉዳዩ የሦስት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ነው። እኔ አማካሪያቸው ነበርኩ። በትምህርት ክፍሉ መጋዘን ውስጥ ከአሮጌ ላፕቶፖች የወጡ የባትሪ ሴሎች ተከማችተው ነበር። 18650 የሚባሉት ናቸው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው ድብልብል የሊቲየም ሴሎች። የላፕቶፕ ባትሪ «ሞተ» ሲባል ሁሉም ሴል ሞቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ደክመው ሌሎቹን ይዘዋቸው ይወድቃሉ። የቀሩት ለቀላል ሥራ ይበቃሉ። የትኛው እንደሚበቃ ግን በዓይን አይታወቅም፤ መለካት አለበት። ተማሪዎቹ «መለኪያውን እኛ እንሥራው» አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። የወሰኑ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ያገለገሉ ባትሪዎችን የሚመረምር፣ በየደረጃቸው የሚለይ፣ ቻርጅ የሚያደርግ፣ ወደ አዲስ የባትሪ ፓክ የሚያደራጅና በሞባይል መተግበሪያ ክትትል የሚደረግበት ዘመናዊ ሥርዓት መሥራት።» የዕቃ ዝርዝሩ፦ «ማይክሮኮንትሮለር፣ ሴንሰሮች፣ ሞስፌት፣ ሬዚስተሮች፣ ሽቦ፣ ወዘተ።» የጊዜ ሰሌዳው 16 ሳምንቱን ከፋፍሎ ለግዥ አንድ ሳምንት፣ ለሙከራ አንድ ሳምንት ሰጥቷል።

ኃላፊዋ አልፈረሙም፤ አልከለከሉምም። በእርሳስ ሦስት ቦታ ጽፈውበት መለሱት። ከወሰኑ ጎን፦ «ከእነዚህ አንዱን ብቻ ብትሠሩ የትኛው ነው?» ከዕቃ ዝርዝሩ ሥር «ወዘተ» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አስምረውባት፦ «ይህን ግዥ ክፍል ምን ብሎ ይግዛው?» ከሙከራው ሳምንት ጎን ደግሞ፦ «ስንት ሴል አላችሁ? አንዱን ለመለካት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ልጆቹ ተከፉ። አንደኛው «ዶክተር ሐሳቡን አልወደዱትም መሰለኝ» አለኝ። ያልወደዱትን ሐሳብ ማንም እንዲህ በእርሳስ አይመረምርም። ኃላፊ አንድ ማመልከቻ ላይ ሲፈርም የሚፈርመው አራት ነገር ነው፦ ገንዘብ ይወጣል፤ ክፍልና ጠረጴዛ ይያዛል፤ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂነት አለ፤ ልጆቹም በጊዜያቸው ይመረቃሉ። የሐሳቡ ማማር ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ሦስቱም ጥያቄ ከእነዚህ ከአራቱ የመጣ ነበር።

የጀመርነው ከሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር የሚጠይቀው እሱ ነበር።

የአንድን ሴል አቅም ለመለካት መጀመሪያ እስከ 4.2 ቮልት ይሞላል። ትንሽ ያርፋል። ከዚያ በሬዚስተር በኩል እያፈሰሰ 3.0 ቮልት እስኪደርስ ይጠበቃል። በዚህ መሐል የወጣው ጅረት በሰዓት ተባዝቶ ይደመራል፤ ውጤቱ በሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። ተማሪዎቹ ይህን ያውቁታል። ያላሰሉት የሚፈጀውን ሰዓት ነበር።

ሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ሴሎቹ ሲገዙ አብዛኞቹ 2200 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል ምልክት ነበራቸው። ማፍሰሻው ሬዚስተር 3.9 ኦም ነው። ጅረት መለኪያው ሴንሰር ራሱ 0.1 ኦም ስለሚጨምር 4 ኦም እንበለው። ሴሉ እየፈሰሰ ሲሄድ ቮልቴጁ ከ4.2 ወደ 3.0 ይወርዳል፤ አማካዩን 3.7 ብንወስድ፦

```
3.7 V / 4.0 Ω      ≈ 0.92 A
2200 mAh / 920 mA  ≈ 2.4 h
```

ማፍሰስ ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በ1 አምፔር ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ሁለት ሰዓት ከሩብ አይበቃውም። ሴሉ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ቻርጀሩ ጅረቱን ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ ሦስት ሰዓት ተኩል መያዝ ይሻላል። ዕረፍቱ አንድ ሰዓት። ከተለካ በኋላም ሴሉን 3.0 ቮልት ላይ ትቶ መሄድ አይቻልም፤ ለመጋዘን እንዲሆን ትንሽ ተሞልቶ 3.7 ቮልት አካባቢ መቀመጥ አለበት። ለዚህ 45 ደቂቃ። ሲደመር ስምንት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ላቦራቶሪው የሚከፈተው ደግሞ በቀን ስምንት ሰዓት ነው። «ሌሊት ትተነው ብንሄድስ?» አለች የቡድኑ ተወካይ። የሊቲየም ሴል፣ በተለይ ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ ሴል፣ ቻርጅ ላይ ተትቶ አይኬድም። ይህን የሚፈቅድ ኃላፊ የለም፤ ቢፈቅድም እኔ አልስማማም። ስለዚህ አንድ መስመር ያለው፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ሴል ብቻ የሚይዝ መለኪያ በቀን የሚለካው አንድ ሴል ብቻ ነው። መጋዘኑ ውስጥ የተቆጠሩት ሴሎች አርባ ናቸው። አርባ የሥራ ቀን ማለት ስምንት ሳምንት ነው። በደብዳቤው ላይ የተሰጠው አንድ ሳምንት ነበር።

ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ «መስመሩን እናብዛዋ» አለ። እዚህ ላይ ነው ሦስቱ ክፍሎች መነካካት የጀመሩት። መስመር ሲበዛ የዕቃ ዝርዝሩ ይረዝማል። ካልበዛ ሴሉ ይቀንሳል፤ ያ ማለት ወሰኑ ይጠባል። ሁለቱም ካልሆኑ የጊዜ ሰሌዳው ይፈነዳል።

መስመሩ አራት እንዲሆን የወሰነው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ጅረቱንና ቮልቴጁን የሚለካው INA219 የሚባለው ሴንሰር ነው። ሁሉም ሴንሰሮች ፕሮግራሙን ከሚያስኬደው ማይክሮኮንትሮለር ጋር የሚነጋገሩት በሁለት ሽቦ ስለሆነ እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ ያስፈልገዋል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሰሌዳ አድራሻውን ለመቀየር ሁለት የብየዳ ነጥቦች አሉት። በሁለት ነጥብ የሚገኙት አድራሻዎች አራት ናቸው፤ 0x40፣ 0x41፣ 0x44 እና 0x45። አምስተኛ መስመር ከፈለጉ ሌላ ቺፕ መጨመርና ፕሮግራሙን መቀየር ይመጣል። አራት ላይ መቆም ስንፍና አይደለም፤ ዕቃው ራሱ ያሰመረው ድንበር ነው። እንዲህ ያለ ምክንያት ደብዳቤ ላይ ሲጻፍ ኃላፊው «ለምን ስድስት አይሆንም?» ብሎ አይጠይቅም።

በአራት መስመር አርባ ሴል አሥር የሥራ ቀን ነው። ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ የሚወስድ ሥራ ስምንት ሰዓት በሚከፈት ላቦራቶሪ ውስጥ በተግባር አይገባም። መብራት አሥር ደቂቃ ቢጠፋ ቀኑ ተበላሸ። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነበር። ጠዋት ትናንት የተሞሉት አራት ሴሎች ይፈስሳሉ። ከዚያ ለመጋዘን ትንሽ ይሞላሉ። ከሰዓት በኋላ የነገዎቹ አራት ቻርጅ ይደረጋሉ፤ ሲሞሉ ከቻርጀሩ ይወጡና ሌሊቱን ያርፋሉ። የቀኑ ሥራ ወደ ሰባት ሰዓት ወረደ። የአንድ ሰዓቱ ዕረፍት ወደ ሌሊት ሄደ። ሌላም ጥቅም አለው። ማታ ተሞልቶ ያደረ ሴል ጠዋት ቮልቴጁ ከጓደኞቹ በጣም ወርዶ ከተገኘ ጭነት ሳይኖርበት በውስጡ ኃይል ያባክናል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ማፍሰሻው ላይ ሳያስቀምጡ መጣል ይቻላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለስን። «አንዱን ብቻ ብትሠሩ የትኛው ነው?» ልጆቹ የሞባይል መተግበሪያውን ለመጣል አላቅማሙም። የባትሪ ፓኩ ላይ ግን ክርክር ተነሣ፤ ምክንያቱም ለዓይን የሚታየው ውጤት እሱ ነው። እኔ ያልኩት፦ ሴል ለመበየድ የነጥብ መበየጃ ማሽን ያስፈልጋል፤ በተራ የብየዳ ብረት ሴሉን ማሞቅ ውስጡን ይጎዳዋል። ፓክ ከሆነ በኋላ ደግሞ የመከላከያ ሰርኪት ይፈልጋል፤ ሴሎቹን የሚያመዛዝን ነገር ይፈልጋል። ያ ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮጀክት ነው። ወጣ።

ወሰን ሲጻፍ የሚሠራው ብቻ ሳይሆን የማይሠራውም በግልጽ ይጻፋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ እንደ አጥር አየዋለሁ። የፕሮጀክቱ መከላከያ ላይ ከፈታኞቹ አንዱ «ለምን ፓክ አልሠራችሁም?» ቢል መልሱ ከአራት ወር በፊት ተፈርሞበታል።

አንድ ነገር በግማሽ ቀረ። ልጆቹ የሴሉን የውስጥ ተቃውሞም መለካት ፈልገው ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፤ ማፍሰሻው ከመከፈቱ በፊትና ከተከፈተ በኋላ ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ለጅረቱ ይካፈላል። ከ4.15 ወደ 4.05 ወርዶ ጅረቱ 1 አምፔር ከሆነ 0.1 ኦም ነው። ችግሩ የሴሉ መያዣ ነው። የመያዣው ስፕሪንግ በራሱ ተቃውሞ አለው፤ ያ ከሴሉ ተቃውሞ ጋር ተደምሮ ይነበባል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «የውስጥ ተቃውሞ ሴሎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ብቻ ይለካል፤ እንደ ትክክለኛ ዋጋ አይቀርብም» ተባለ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ኋላ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርታለች።

የቀረው «ወዘተ» ነው።

የዕቃ ዝርዝር የሚነበበው ፕሮጀክቱን በማያውቅ ሰው ነው። ሞስፌት ማፍሰሻውን የሚከፍትና የሚዘጋ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ነው። የግዥ ሠራተኛው «ሞስፌት» የሚል ካነበበ ሱቅ ሄዶ ሞስፌት ይላል፤ ባለሱቁም ያለውን ይሰጠዋል። በብዛት የሚገኘው IRFZ44N ነው። ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው ግን IRLZ44N ነበር። በስም የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ ሲታዩም አንድ ናቸው። ልዩነቱ ጌቱ፣ ማለትም የመክፈቻውን ቮልቴጅ የሚቀበለው እግር ላይ ነው። IRFZ44N ሙሉ በሙሉ ስለመከፈቱ የአምራቹ መግለጫ፣ ዳታሺቱ፣ ዋስትና የሚሰጠው ጌቱ 10 ቮልት ሲያገኝ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ የሚሰጠው 5 ቮልት ብቻ ነው። በ5 ቮልት አንዳንዱ ይሠራል፤ አንዳንዱ በግማሽ ተከፍቶ ይግላል። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ጭራሽ ባይሠራ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። IRLZ44N ግን ለ5 ቮልት የተሠራ ነው። ለማጣራት ሞስፌቱን ከፍቶ 1 አምፔር እያለፈ ጅረቱ በሚያልፍባቸው በድሬንና በሶርስ እግሮቹ መሐል ያለውን ቮልቴጅ መለካት ነው። ትክክለኛው ከሆነ 0.03 ቮልት አካባቢ ይነበባል። ወደ ግማሽ ቮልት ከተጠጋ ዕቃው ተሳስቷል።

ለዚህ ሲባል ዝርዝሩ ላይ አንድ ዓምድ ተጨመረ፤ «መተካት ይቻላል?» የሚል። ኃላፊዋ ከሁሉም የወደዱት ይህን ነበር። ሬዚስተሩ 3.9 ኦም ከጠፋ 4.7 ቢሆን ችግር የለም፤ ጅረቱ ስለሚለካ ማፍሰሱ ትንሽ ይረዝማል እንጂ ውጤቱ አይበላሽም። ዋቱ ግን አይነካም። ሴሉ ሙሉ ሲሆን ሬዚስተሩ ላይ የሚቃጠለው 4.3 ዋት ገደማ ነው። ባለ 5 ዋት ቢገዛ በቁጥር ይበቃል፤ በተግባር ግን ለሁለት ሰዓት ሲሠራ ጠረጴዛ ያሳርራል። ባለ 10 ዋት ተባለ።

ሌላው የታየው የተረሳው ነገር ነው። አራት ቻርጀር እያንዳንዱ 1 አምፔር ከወሰደ አራት አምፔር ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ላይ የኃይል ምንጭ የሚባል ነገር አልነበረም። «በላፕቶፕ ዩኤስቢ እንሰካዋለን ብለን ነበር» አለች ተወካይዋ። ከላፕቶፕ ዩኤስቢ ያን ያህል ጅረት አይገኝም። የእሳት መከላከያም አልነበረም። የብረት ትሪና አንድ ባልዲ አሸዋ ገቡ። አሸዋው ላቦራቶሪው ውስጥ ስላለ በግዥ ሳይሆን «ከትምህርት ክፍሉ የሚገኝ» በሚለው ሥር ተጻፈ። ዝርዝሩን እንዲህ ለሁለት መክፈል ይጠቅማል፤ ኃላፊው ገንዘብ የሚወጣበትን ለብቻው ያያል።

ሁለተኛው ደብዳቤ እነሆ። የዋጋው ዓምድ ለየተቋሙ ስለሚለያይ፣ ስሞቹም ለአንባቢ ስለማይጠቅሙ አውጥቻቸዋለሁ። ሌላው እንዳለ ነው።

---

ቀን፦ ..................

ለኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የ40 ያገለገሉ የሊቲየም ሴሎችን አቅም የሚለካ ባለ 4 መስመር መሣሪያ በመመረቂያ ፕሮጀክትነት እንዲጸድቅልን ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ እኛ ስማችን በሥር የተዘረዘረው ሦስት ተማሪዎች በትምህርት ክፍሉ መጋዘን የሚገኙ 40 ያገለገሉ 18650 ሴሎችን አቅም ለክቶ በሦስት ደረጃ የሚለይ መሣሪያ ሠርተን ለማስረከብ እንድንችል ፈቃድዎን እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ማመልከቻችን ላይ በሰጡን አስተያየት መሠረት ወሰኑ፣ የዕቃ ዝርዝሩና የጊዜ ሰሌዳው ተስተካክለዋል።

1. ወሰን። መሣሪያው በአንድ ጊዜ 4 ሴል ያፈስሳል፤ ቮልቴጅ፣ ጅረትና ሙቀት ይመዘግባል፤ ሴሉ 3.0 ቮልት ሲደርስ ወይም ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ራሱን ያቋርጣል። ሴሎቹ መጀመሪያ ከተጻፈባቸው አቅም 80 በመቶና በላይ ያላቸው፣ ከ60 እስከ 80 ያላቸውና ከ60 በታች የሆኑ ተብለው ይለያሉ። ከ2 ቮልት በታች ሆነው የተገኙ፣ ያበጡ ወይም ፈሳሽ ያወጡ ሴሎች ቻርጅ ሳይደረጉ ይወገዳሉ። የውስጥ ተቃውሞ ሴሎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ብቻ ይለካል፤ እንደ ትክክለኛ ዋጋ አይቀርብም። ባትሪ ፓክ መሥራት፣ የሞባይል መተግበሪያና የፀሐይ ኃይል በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ አይካተቱም።

2. የሚገዙ ዕቃዎች።

| ዕቃ | ብዛት | መተካት ይቻላል? |
|---|---|---|
| ማይክሮኮንትሮለር፣ አርዱኢኖ ናኖ፣ 5 ቮልት | 1 | በአርዱኢኖ ኡኖ |
| ጅረት መለኪያ INA219 ሰሌዳ | 4 + 1 መጠባበቂያ | አይቻልም |
| ሞስፌት IRLZ44N | 4 + 2 መጠባበቂያ | በ IRFZ44N አይቻልም |
| ሬዚስተር 3.9 ኦም፣ 10 ዋት | 4 | እስከ 4.7 ኦም፤ ዋቱ አይቀነስም |
| ሬዚስተር 10 ኪሎኦም እና 4.7 ኪሎኦም | ከየዓይነቱ 10 | ይቻላል |
| ሙቀት መለኪያ DS18B20 | 4 | አይቻልም |
| ቻርጀር TP4056 ሰሌዳ | 4 | ወደ 4.2 ቮልት በሚሞላ ሌላ የአንድ ሴል ቻርጀር |
| የ18650 ሴል መያዣ | 8 | ይቻላል |
| የኃይል ምንጭ 5 ቮልት፣ 6 አምፔር | 1 | ከ6 በላይ አምፔር ቢሆን ይቻላል |
| አዲስ 18650 ሴል፣ ዳታሺቱ የሚገኝ | 2 | ይቻላል |

ከትምህርት ክፍሉ የሚገኙ፦ መልቲሜትር፣ የብየዳ ብረት፣ ብሬድቦርድ፣ የብረት ትሪ፣ አሸዋ፣ የሚቆለፍ ሣጥንና በመስኮት አጠገብ አንድ ጠረጴዛ።

3. የጊዜ ሰሌዳ። የአንድ ዙር ሥራ (ማፍሰስ፣ ለመጋዘን መሙላት፣ ቀጣዮቹን ቻርጅ ማድረግ) 7 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በቀን አንድ ዙር፣ በዙር 4 ሴል፣ ለ40 ሴል 10 የሥራ ቀን ያስፈልጋል።

ሳምንት 1–2፦ ንድፍ፤ ሴሎችን በዓይንና በመልቲሜትር ማጣራት፤ የግዥ ጥያቄ ማስገባት።
ሳምንት 3–4፦ ላቦራቶሪው ውስጥ ባለ ዕቃ የአንድ መስመር ሙከራ።
ሳምንት 5–7፦ አራቱን መስመር መገጣጠም፤ በአዲሶቹ ሴሎች ማመሳከር።
ሳምንት 8፦ የአጋማሽ ገለጻ።
ሳምንት 9–10፦ የ40 ሴል ልኬት።
ሳምንት 11፦ 8 ሴሎችን በድጋሚ መለካት (2 ቀን)፤ ለመብራት መቋረጥና ለብልሽት መጠባበቂያ (3 ቀን)።
ሳምንት 12–14፦ ትንተናና ሪፖርት።
ሳምንት 15–16፦ የአማካሪ እርማትና መከላከያ።

4. ዕቃ ከዘገየ። የሚገዙት ዕቃዎች እስከ 6ኛው ሳምንት መጨረሻ ተሟልተው ካልደረሱ፣ ፕሮጀክቱ ያለ አዲስ ማመልከቻ ወደ 2 መስመርና 20 ሴል ዝቅ ይላል። የልኬቱ ጊዜ ያው 10 የሥራ ቀን ይሆናል።

5. ደኅንነት። ሴል ቻርጅ ላይ ወይም ማፍሰሻ ላይ እያለ ከቡድኑ ቢያንስ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይገኛል። ላቦራቶሪው ሲዘጋ ሁሉም ሴሎች ከመሣሪያው ወጥተው በሣጥን ይቆለፋሉ።

ስለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር

(የሦስቱ ተማሪዎች ስምና ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለፕሮጀክቱ አማካሪ፣ ለላቦራቶሪ ኃላፊ

---

ጥቂት ነገር ልበል። ርዕሱ ውስጥ ቁጥር መግባቱ በአጋጣሚ አይደለም። «ስለ ባትሪ መመርመሪያ ሥርዓት» ቢል ኖሮ በዓመቱ መጨረሻ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚለው በክርክር ይወሰናል። «40 ሴል፣ 4 መስመር» ሲል ግን ማንም ቆጥሮ ያውቃል።

ሁለቱ አዲስ ሴሎችም ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋሉ። መሣሪያው ትክክል መለካቱ የሚታወቀው አቅሙ የታወቀ ሴል ሲለካ ነው። ይሁን እንጂ አምራቾች አቅምን የሚጽፉት ብዙ ጊዜ በዝግታ አፍስሰው፣ ከ3.0 ቮልት በታች ወርደው ነው። ልጆቹ ፈጠን አድርገው ያፈስሳሉ፤ 3.0 ላይም ያቆማሉ። ስለዚህ አዲሱ ሴል ራሱ ዳታሺቱ ላይ ካለው ያነሰ ቢያሳይ መሣሪያው ተሳስቷል ማለት አይደለም። ማመሳከር ስንል ዳታሺቱ ላይ ያለውን የማፍሰሻ ግራፍ ከራሳቸው ልኬት ጋር ጎን ለጎን ማየት ነው። ይህን ደብዳቤው ውስጥ አላስገባነውም፤ ኃላፊዋ የሚፈርሙበት ነገር አይደለምና ቦታው ሪፖርቱ ነው።

አራተኛው ክፍል ላይ ግን ከልጆቹ ጋር ተሟግቻለሁ። «ገና ሳንጀምር አንችልም ማለት አይሆንም ወይ?» ነበር ጥያቄያቸው። ግዥ የሚዘገየው በተማሪ ጥፋት አይደለም፤ ተማሪም ሊያፋጥነው አይችልም። በሰባተኛው ሳምንት ዕቃ ሳይመጣ ወሰን ለመቀነስ አዲስ ማመልከቻ መጻፍ፣ ስብሰባ መጠበቅ፣ ደግሞ ማስፈረም ይመጣል። በዚያ ላይ የተቸገረ ሰው የሚያቀርበው ቅነሳ ሰበብ ይመስላል። አስቀድሞ የተጻፈው ግን ዕቅድ ነው። ቁጥሩም ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። መስመሩ በግማሽ ሲቀንስ ሴሉም በግማሽ ስለቀነሰ የ9ኛውና የ10ኛው ሳምንት ልኬት አንድም ቀን አልረዘመም።

ኃላፊዋ በሁለተኛው ቀን ፈረሙ። አንድ ነገር በእጃቸው ጨመሩ፦ «የአንድ መስመሩ ሙከራ ውጤት በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ ይቅረብልኝ።» ልጆቹ መጀመሪያ ተጨማሪ ጫና መሰላቸው። ጠቀማቸው እንጂ። ያቺ የአንድ መስመር ሙከራ አንድ ስህተት አወጣች። ፕሮግራሙ ቮልቴጁ ከ3.0 በታች ሲሆን ማፍሰሻውን ይዘጋል፤ ከ3.0 በላይ ሲሆን ይከፍታል። ሴል ግን ጭነቱ ሲነሣለት ቮልቴጁ መልሶ ወደ ላይ ይዘላል። ማፍሰሻው ተዘጋ፣ ቮልቴጁ ወጣ፣ ማፍሰሻው ተከፈተ፣ ቮልቴጁ ወረደ። ሞስፌቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ። ሴሉም ማለቅ ከነበረበት በላይ ይፈስሳል። መፍትሔው አንዴ ከተዘጋ ሰው ካልነካው እንዳይከፈት ማድረግ ነው፦

```
if (v < 3.0) done = true;
if (done) digitalWrite(gatePin, LOW);
```

በአራት መስመር ላይ፣ በዘጠነኛው ሳምንት፣ አርባ ሴል ተሰልፎ እያለ ቢገኝ ኖሮ ጉዱ ሌላ ነበር።

ግዥው ዘገየ። ሞስፌቱ ትክክለኛው መጣ፤ የግዥ ሠራተኛው «በ IRFZ44N አይቻልም» የሚለውን ለባለሱቁ እንዳሳየው ነግሮናል። ሬዚስተሩ 4.7 ኦም ሆኖ መጣ፤ ዓምዱ ስለሚፈቅድ ማንም አልጠየቀም። INA219 ግን ሁለት ብቻ ደረሰ። ስድስተኛው ሳምንት አለቀ። ልጆቹ ቢሮ ሄደው አልተለማመጡም። ለኃላፊዋ ሁለት መስመር ያለው ማስታወሻ ጻፉ፤ «በማመልከቻችን ክፍል 4 መሠረት ከዛሬ ጀምሮ በ2 መስመርና በ20 ሴል እንቀጥላለን።» በዚያው ቀን ተመዘገበ።

መከላከያው ላይ ከፈታኞቹ አንዱ ርዕሱን አንብበው «አርባ ይላል፤ እዚህ ግን ሃያ ነው የማየው» አሉ። ተወካይዋ አባሪውን ገልጣ ክፍል 4ንና ማስታወሻውን አሳየቻቸው። ፈታኙ ቀና ብለው ኃላፊዋን አዩ፤ ኃላፊዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጣዩ ጥያቄ ስለ መያዣው ስፕሪንግ ተቃውሞ ነበር፤ እሱ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከሩ።